ፎቶ ላይ ፊቴ ተጣሞ የሚታየኝ ለምን ነበር?

ፎቶ ላይ ራሳችሁን አይታችሁ «ፊቴ እንዲህ ጠማማ ነው እንዴ?» ብላችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብቡልኝ። እኔ በዚህ ጥያቄ ለወራት ተሰቃይቻለሁ። ከፎቶ ሸሽቻለሁ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ አገጬን በመርፌ ለማስተካከልም ቀጠሮ ይዤ ነበር። ዛሬ የማውቀውን ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ነገሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቅ ነበር።

የጀመረው የቅርብ ጓደኛዬ ስትዳር ነው። ከሚዜዎቿ አንዷ ነበርኩ። ጠዋት ሜካፕ ቤት ቁጭ ብዬ መስታወቱን ሳይ ደስ ብሎኛል፤ ያው የማውቃት እኔ ነኝ፣ ያውም አምሮብኝ። በኋላ ፎቶዎቹ በቴሌግራም ሲመጡ ግን ክው አልኩ። አገጬ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። አንዱ ቅንድቤ ከሌላው ከፍ ብሏል። ፈገግታዬ በአንድ በኩል ወደ ላይ ተስቧል። የሚገርመው ሌሎቹ ሚዜዎች ምንም አልሆኑም። ሁሉም ያው ራሳቸውን ይመስላሉ። በመሃላቸው የቆመችው እኔ ብቻ የማላውቃት ሴት ሆኛለሁ። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ መልሱ ያለው እሷ ውስጥ ነው። እኔ ግን ያኔ የተረዳሁት በተቃራኒው ነው፦ ሁሉም ደህና ከሆኑ ጠማማዋ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ፊቴን መመርመር ሆነ። በስልኬ የፊት ካሜራ አያለሁ፣ በኋላ ካሜራው አነሳለሁ፣ መስታወት ፊት እመለሳለሁ። ሦስቱም የተለየ ነገር ያሳዩኛል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ግራና ቀኝን የሚያዞር ፊልተር አለ። እሱን ስከፍተው ፊቴ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ዘንበል ሲል ስልኩን ወረወርኩት። በሌላ አፕ የፊቴን ግራ ግማሽ ብቻ ደግሜ አንድ ፊት ሠራሁ፣ ከቀኙ ግማሽም ሌላ። አንደኛዋ ፊተ ሰፊ፣ ሌላኛዋ ፊተ ቀጭን፤ እህትማማቾች እንኳ አይመስሉም። «ይኸው ማስረጃው» አልኩ ለራሴ።

እናቴን ስጠይቃት «ምን ሆነሻል? ፊትሽ እኮ ያው ፊትሽ ነው» ትለኛለች። እናት ስለሆነች ነው ብዬ አላመንኳትም። አንድ የውበት ክሊኒክ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ፎቶውን አየችና አገጬን በፊለር «ወደ መሃል ማምጣት» እንደሚቻል ነገረችኝ። በማስመሪያ የለካኝ የለም። ጥርሴን ያየ የለም። ፎቶው የተነሳው ከምን ርቀት እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ፊለር ሰውነት በጊዜ ብዛት እያሟሟው ስለሚጠፋ ተደጋግሞ የሚከፈልበት ነገር ነው። በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ደሞ ቆዳን ሊያበላሽ፣ አልፎ አልፎም ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ቀን ቀጠሮ ይዤ ወጣሁ።

ያዳነኝ ጉርድ ፎቶ ነው።

ለአንድ ጉዳይ ጉርድ ፎቶ ስላስፈለገኝ ሰፈራችን ያለ የቆየ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። አነሱኝና ኮምፒውተሩ ላይ ከፈቱት። እኔም እንደፈራሁት ያቺኑ ጠማማ ሴት አየኋት። «ጋሼ፣ ይቺን አገጭ እባክዎ ትንሽ ወደዚህ ያምጡልኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው አንድ ነገር ነካ ነካ አደረጉና «አሁንስ?» አሉኝ።

«እንዲህማ! አሁን ተስተካከለ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምንም አልነካሁም እኮ ልጄ። ግራና ቀኙን ብቻ ነው ያዞርኩት።»

አላመንኳቸውም። መልሰው አዞሩት፤ ጠማማዋ መጣች። እንደገና አዞሩት፤ የማውቃት እኔ ተመለስኩ። ፎቶሾፕ ላይ `Flip Horizontal` የምትባለዋን ትእዛዝ ነበር የሚጫኑት። አንድ ፊት ነው፣ አንድ ፎቶ ነው፣ አንዲት ነጥብ አልተነካችም። «ሰው ሁሉ ፎቶውን ሲያይ እንዲህ ነው የሚለኝ፤ መስታወት ለምዶ» አሉኝና ወደ ማተሚያው ዞሩ። ለእሳቸው የዘወትር ነገር ነው። ለእኔ ግን ወራት የተሸከምኩት ነገር እዚያች ወንበር ላይ መላላት ጀመረ።

ቤት እንደገባሁ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ተቀመጥኩ። እናንተም አሁን መሞከር ትችላላችሁ። መስታወት ፊት ቆማችሁ ቀኝ እጃችሁን አንሱ። መስታወቱ ውስጥ የሚነሳው እጅ በቀኝ በኩል ያለው ነው። ፊት ለፊታችሁ የቆመ ሰው ቀኝ እጁን ሲያነሳ ግን የምታዩት በእናንተ ግራ በኩል ነው። መስታወት ውስጥ ያለው ፊታችሁ ሰው ከሚያየው ፊታችሁ ጋር ግራ ቀኙ የተቀያየረ ነው ማለት ነው። ካሜራ የሚያነሳችሁ ደግሞ ፊት ለፊት እንደቆመ ሰው ሆኖ ነው። ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል የሆነ ፊት ቢኖረን ኖሮ ሁለቱ አንድ ይሆኑ ነበር። ችግሩ እንደዚያ ያለ ፊት በእውነቱ ዓለም የሚገኝ አለመሆኑ ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ ልግባ፤ እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው። አገጬ ምን ያህል እንደሄደ ማወቅ ፈለግሁ። መጀመሪያ ከንፈሬን ዘና አድርጌ ከአፌ ጥግ እስከ ጥግ በማስመሪያ ለካሁ፤ 50 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚያ ቀጥ ብዬ የተነሳሁትን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አሳድጌ የአፌን ስፋት እስክሪኑ ላይ 100 ሚሊ ሜትር አደረግሁት። ስለዚህ እስክሪኑ ላይ የማየው ሁሉ የእውነተኛው እጥፍ ነው። ከዓይኖቼ ውስጠኛ ጥጎች መሃል ጀምሬ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። አገጬ ከመስመሩ 6 ሚሊ ሜትር ወጥቷል። በእውነተኛው ፊቴ ላይ 3 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ግን ያስለቀሰኝ ይህ ብቻ እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልሱ እዚህ ጋ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መስታወት ውስጥ ሳየው የኖርኩት አገጭ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ የሄደውን ነው። ዓይኔ ለምዶታል፤ ለእኔ መሃል ማለት እሱ ሆኗል። ፎቶው ግን አገጬን 3 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ወስዶ አመጣልኝ። ከለመድኩት ቦታ ሲለካ ልዩነቱ 3 ሳይሆን 6 ሚሊ ሜትር ነው። ቅንድቤም እንዲሁ፣ አፍንጫዬም እንዲሁ፣ ፀጉሬን የከፈልኩበት መስመርም እንዲሁ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ በእጥፍ ቦታ ቀየሩ። ያስደነገጠኝ ይህ እጥፍ ነው። ሌላው ሰው ግን እጥፉን አያይም። እናቴ የምታውቀው የካሜራውን ፊት ነው፤ ለእሷ ምንም የተቀየረ ነገር የለም። ሌሎቹ ሚዜዎችም ያልተቀየሩብኝ ለዚሁ ነው። እነሱን መስታወት ውስጥ አይቻቸው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ካሜራው በሚያያቸው በኩል ነው የማያቸው።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም፤ ቀደም ብሎ ተፈትኗል። ሮበርት ዛዮንክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ሥራ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ በማየቱ ብቻ እየወደደው እንደሚሄድ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ሚታ፣ ደርመርና ናይት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በሰው ፊት ሞከሩት። የአሜሪካ ሴት ተማሪዎችን ፎቶ አነሱና እያንዳንዱን በሁለት ዓይነት አዘጋጁ፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ግራ ቀኙ ዞሮ። ባለፎቶዎቹ በአመዛኙ የመረጡት የዞረውን፣ ማለትም የመስታወታቸውን ነው። ጓደኞቻቸውና ፍቅረኞቻቸው ደግሞ ያልዞረውን መረጡ። ሁሉም የለመደውን መረጠ።

እኔም ቤት ውስጥ ሞከርኩት። ሁለቱን ፎቶዎቼን ጎን ለጎን አድርጌ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልናገር ለእናቴ አሳየኋት። ወዲያው የካሜራውን ነካችና «ይቺ ናት ልጄ። ያቺኛዋ አንቺን ትመስላለች እንጂ አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። እኔ ከነፍሴ የምወዳት ያቺኛዋ ነበረች። ከዚያ ሙሽራዋን ጓደኛዬን ጠራኋት። የእሷንም ፎቶ አዞርኩና ሁለቱን አቀረብኩላት። እሷ የዞረውን አንስታ «ይሄ ነው እኔ፤ ያኛው ላይ አፍንጫዬ ጠማማ ነው» አለች። እኔ የማውቃት ቆንጆ ጓደኛዬ ግን ያኛው ላይ ነበረች፤ የዞረው ላይ ያለችው እንግዳ ሆነችብኝ። አፍንጫዋ ጠማማ ነው የሚባል ነገር በዚህ ሁሉ ዓመት አስተውዬ አላውቅም። ይህን ሙከራ ሳትሠሩ ምንም ውሳኔ እንዳትወስኑ። የራስን ፊት ብቻ እያዩ እውነቱ ላይ አይደረስም፤ የምትወዱትን ሰው ፊት አዙራችሁ ስታዩ ነው ነገሩ የሚገባው።

«እሺ፣ ቢሆንም 3 ሚሊ ሜትሩ ከየት መጣ?» የሚል ይኖራል። እኔም ጠይቄያለሁ። ፊታችን የሚሠራው ገና በማህፀን ሳለን፣ በግምት ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አንድ ከላይ፣ ሁለት ከጉንጭ፣ ሁለት ከመንጋጋ በኩል የሚያድጉ እብጠቶች ወደ መሃል እየመጡ ይገጣጠማሉ። ከአፍንጫችን ሥር እስከ ላይኛው ከንፈር የምትወርደው ቦይ የዚያ መገጣጠም ምልክት ናት። ግራውና ቀኙ የሚሠሩት በአንድ የዘር መመሪያ ቢሆንም እያንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚያድገው። አንድ ሸማኔ የአንዲት ነጠላን ሁለት ጫፍ በአንድ ዓይነት ክርና በአንድ ዓይነት ጥለት ቢሠራም ተቀራርበው ሲታዩ ትንሽ ልዩነት አይጠፋቸውም። ሕዋሳት ሲባዙም ትናንሽ አጋጣሚዎች አሉ፤ እነሱ እየተጠራቀሙ አንዱን ወገን ከሌላው በጥቂቱ ይለዩታል። እግራችሁንም ብትለኩ አንዱ ከሌላው ሊበልጥ ይችላል፤ ጫማ ስትገዙ አንዱ ጠበብ የሚለው ለዚህ ነው።

ከተወለድን በኋላ ደግሞ ኑሮው ይጨምርበታል። እኔ በልጅነቴ በግራ በኩል ያለ የመንጋጋ ጥርሴ ተነቅሏል፤ ከዚያ ወዲህ የማኝከው በቀኝ ነው። የሚያኝከው ጡንቻ ደግሞ እንደማንኛውም ጡንቻ ሲሠራ ይወፍራል። መንጋጋችሁን ነክሳችሁ ሁለቱን ጉንጮቻችሁን በጣት ብትዳስሱ ልዩነቱን ልታገኙት ትችላላችሁ። የአፍንጫን ውስጥ ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳም በብዙ ሰው ላይ ትንሽ ዘንበል ያለ ነው። ፀሐይ ሳይቀር ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ለ28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ ወጥቶ ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለው ግራ ፊቱ ከቀኙ በእጅጉ አርጅቶ ይታያል። እኛም አገር መሪው በግራ ስለሆነ ለሾፌሮቻችን መንገር ያለብን ነገር ነው።

ግማሽን በግማሽ ደግመው ፊት የሚሠሩት አፖች የዘነጉትም ይህንኑ ነው። የእኔን ሰፊና ቀጭን ፊቶች አስታውሱ። አፑ የሚያሳየው የአንዱን ወገን ትንሽ ልዩነት ሁለት ጊዜ ደግሞ ነው። በዚያ ላይ መሃል መስመሩን ትንሽ ከሳተ ወይም አንገቴ ትንሽ ከዞረ አንዱ ፊት ሰፍቶ ሌላው ይጠባል። እንደዚያ የተሠራ ፍጹም እኩል ፊት ብዙ ጊዜ ደስ አይልም፤ ሕይወት የጎደለው ይመስላል። ሰው ስንስቅም ስንናገርም ሁለቱ ወገኖቻችን እኩል አይንቀሳቀሱምና። አፑ ላይ ያየሁት ስለ ፊቴ ምንም አልመሰከረም ነበር።

አንገት መዞሩን በቁጥር ላሳያችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአፍንጫ ጫፍ ከዓይኖች መስመር 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጥቷል እንበል። ራሳችሁን 5 ዲግሪ ብቻ ብታዞሩ፣ እናንተ ሳታውቁት ማለት ነው፣ የአፍንጫው ጫፍ ፎቶው ላይ 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሸሻል። የእኔ አገጭ ጉድለት ተብሎ መርፌ ሊወጋ የነበረው በ3 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ካሜራው ቀጥ ብሎ ካላያችሁ የምትለኩት የአንገታችሁን አዟዟር እንጂ ፊታችሁን አይደለም።

ርቀትም አለ። ሰልፊ የሚነሳው እጅ እስከሚደርስበት ነው። ከካሜራው በጣም ስትቀርቡ ወደ ፊት የወጣው አፍንጫ ካሜራው ጋ ይቀርባል፣ ጆሮ ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። ቦሪስ ፓስኮቨር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ስሌት ከ30 ሴንቲ ሜትር የተነሳ ፎቶ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው ጋር ሲወዳደር አፍንጫን 30 ከመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ስልኩ ትንሽ ወደ ጎን ከሆነ ደግሞ የቀረበው ጉንጭ ይሰፋል፣ የራቀው ይጠባል። ሰልፊ ላይ ተመሥርቶ ፊትን መፍረድ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሚሠራው ነገር ልምጣ። ፊታችሁን በትክክል ማየት ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። ስልኩን በዓይናችሁ ከፍታ ልክ መደርደሪያ ላይ አቁሙት። የኋላውን ካሜራ ተጠቀሙ። 1.5 ወይም 2 ሜትር ራቁና ታይመሩን 10 ሰከንድ ላይ አድርጉት። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ካለ መስኮት ይምጣ፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን አንዱን ጉንጭ ያጠቁርና ያልነበረ ጉድጓድ ይሠራል። ከንፈራችሁን ዘና አድርጉ። ፎቶው ላይ ሁለቱ ጆሮዎች እኩል መታየታቸውን አረጋግጡ፤ አንዱ ከበለጠ አንገታችሁ ዞሯል፣ ያንን ተዉትና ደግማችሁ አንሱ። ከተነሱት ውስጥ ጥሩውን መርጣችሁ ኮፒ አድርጉና አንዱን አዙሩት። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ እዩ። ፊታችሁ የሚሄደው ወደየት እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ስልካችሁንም እወቁት። ሰልፊ ስታነሱ እስክሪኑ ላይ የምታዩት እንደ መስታወት ነው። ከዚያ አንዳንዱ ስልክ እንደታየው ያስቀምጠዋል፣ ሌላው ደግሞ ሰው እንደሚያያችሁ መልሶ ነው የሚያስቀምጠው። «ሳነሳው ጥሩ ነበር፣ ሲቀመጥ ተበላሸ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። አይፎን ላይ `Settings > Camera > Mirror Front Camera` የሚለውን ታገኛላችሁ፤ ሳምሰንግ ላይ በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ `Save selfies as previewed` ይላል። ዙም ላይ ራሳችሁን የምታዩበት አቅጣጫ የሚቀየረው `Mirror my video` በሚለው ነው፤ ሌሎቹ ተሰብሳቢዎች ግን ምንጊዜም የሚያዩት ያልዞረውን ነው። ጋለሪያችሁ ውስጥ ያለው ፎቶ የዞረ ይሁን ያልዞረ ለመለየት ፊታችሁን ተዉትና ሌላውን እዩ። ቲሸርት ላይ ያለ ጽሑፍ ይነበባል? ሰዓታችሁ በምታስሩበት እጅ ላይ ነው? መኪና ውስጥ ከሆናችሁ መሪው በሾፌሩ ቦታ ነው?

እኔ የፊት ካሜራዬን ያልዞረውን እንዲያስቀምጥ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ግን ዓይን ለመስታወቱ የለመደው በማየት ብዛት ከሆነ ለካሜራውም የሚለምደው በዚያው መንገድ ነው። ያልዞረውን ፊቴን በየጊዜው ሳየው እንግድነቱ እየቀነሰ ሄደ። ለፋይዳ ወይም ለፓስፖርት የተነሳችሁት ፎቶ የሚያስጠላችሁም በከፊል ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ፊት ለፊት ሆኖ፣ ሳትስቁ፣ ሳይዞር ያነሳችሁ ፎቶ ነው።

ካሜራ የማታምኑ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ሁለት መስታወቶች ጥግ ላይ በ90 ዲግሪ ሲገናኙ መገናኛው ላይ የምታዩት ፊት አይዞርም፤ ልክ ሰው እንደሚያያችሁ ነው። ሁለት ፍሬም የሌላቸው መስታወቶችን በመጽሐፍ ጥግ ለክታችሁ ማቆም ትችላላችሁ። መጋጠሚያው በአፍንጫችሁ ላይ ይሁን። አንግሉ ከ90 ትንሽ ከሳተ ፊታችሁ ይጠባል ወይም ይሰፋል፤ ጆሮ እስከ ጆሮ በትክክል እስኪታይ አስተካክሉት። ከዚያ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። የሚጨፈነው በለመዳችሁት በኩል ያለው አይደለም። እኔ በዚህ መስታወት ኩል ልኳል ብዬ እጄ ወደ ተሳሳተው ወገን ሲሄድብኝ ነው መስታወት ምን ያህል እንዳስለመደኝ የገባኝ።

የክሊኒኩን ቀጠሮ ሰረዝኩ። ይልቅ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የተነቀለውን ጥርሴን ጉዳይ አነሳሁ። አፌን አስከፍቶ፣ አስነክሶ፣ መንጋጋዬን በእጁ ይዞ ካየ በኋላ አጥንቱም ንክሻውም ደህና እንደሆነ፣ በሁለቱም በኩል እንዳኝክ የጎደለው ቢተካ ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ። እናንተም አገጫችሁ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሄደ ከመጣ፣ ጥርሳችሁ እንደ ድሮው አልገጥም ካለ፣ ወይም መንጋጋችሁ የሚያምና የሚቆለፍ ከሆነ መታየት ያለባችሁ በሐኪም ነው። ፎቶ ያሳየው ነገር ሳይሆን ንክሻው የሚናገረው ነገር ነው ቁም ነገሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ነገር አለ፤ ድንገተኛ ነው። ትናንት ደህና የነበረ ፊት ዛሬ በአንድ በኩል ከወደቀ፣ ከንፈር ከተንጠለጠለ፣ ዓይን አልከደን ካለ፣ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ማዞርና መለካት የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። የአንጎል ምት ሊሆን ይችላል። የፊት ነርቭ ሕመምም ከሆነ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ምች ነው እየተባለ ቤት ውስጥ መቆየት ያንን ዕድል ያሳልፈዋል።

በመጨረሻ ይህን ሁሉ ሙከራ አድርጋችሁም ሐሳቡ ካልለቀቃችሁ ልንገራችሁ። በቀን ሰዓታትን መስታወት ፊት የምታጠፉ፣ ወይም በተቃራኒው መስታወት የምትሸሹ፣ በፊታችሁ ምክንያት ሥራና ለቅሶ ቤት የምትቀሩ ከሆነ ይህ ራሱን የቻለ የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል። የሚታከመውም በንግግር ሕክምናና አስፈላጊ ሲሆን በመድኃኒት ነው። ፊለርና ቀዶ ጥገና ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ አይረዱም፤ ሐሳቡ ከአገጭ ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ ዓይን ይዞራል። ለአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው፤ ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ክፍሉ አላቸው። ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡ «ፊቴ ጠማማ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እንደዚያ ከጀመራችሁ ፊታችሁን አይቶ ደህና ነው ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። በቀን ምን ያህል ሰዓት መስታወት እንደምታዩና በዚህ ምክንያት የት የት መሄድ እንዳቆማችሁ ንገሩት።